ጠዋት ቢሮ ስትገቡ፦ ከግቢው በር እስከ ወንበራችሁ

ስለ ቢሮ ሰላምታ የሚሰማው ቅሬታ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ዘግቶኝ አለፈ» የሚል ነው። ሌላው «ጠረጴዛዬ ላይ ቆሞ አላሠራ አለኝ» የሚል ነው። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን የሚፈራ ሰው ሁለተኛውን ይሠራል። ሁለተኛውን የሚፈራ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ገብቶ፣ በሳምንቱ «ኩሩ ነው» ይባልለታል።

አዳማ ላይ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሥራ የሚጀምረው 2:30 ነው። ብዙ የግል ቢሮም እዚያው አካባቢ ይከፈታል። ስለዚህ ከ2:15 እስከ 2:40 ባለው ጊዜ ሁሉም ነገር ይደራረባል። ከባጃጅ ይወረዳል፣ አሻራ ይነካል፣ የመሳቢያ ቁልፍ ይፈለጋል፣ ኮምፒውተር ይከፈታል፣ ባለጉዳይ በሩ ላይ ቆሟል። ሰላምታችሁ የሚገባው በዚህ ሁሉ መሃል ነው።

እዚህ የማወራው ስድስት ሰባት ሰው አንድ ክፍል ውስጥ ስለሚሠራበት ቢሮ ነው። ችግሩ የሚከብደውም እዚያ ነው። በተለይ ለአዲስ ሠራተኛ።

አንደኛ፦ ከግቢው በር

ጥበቃው ቦርሳ ሲፈትሽ እጁም ዓይኑም ሥራ ላይ ነው። «እንደምን አደሩ» ብላችሁ ቦርሳውን ራሳችሁ ክፈቱለት። «እግዚአብሔር ይመስገን» እያለ ይፈትሻል፣ ታልፋላችሁ። ከኋላችሁ ሰው ካለ እዚያ ላይ ወሬ አትጀምሩ።

እዚህ ቦታ ላይ የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፤ አንቱታው። ብዙ ጥበቃዎች ከአዲስ ተቀጣሪ በዕድሜ ይበልጣሉ። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ልጅ የአባቱን እኩያ «እንዴት አደርክ» ሲል፣ ጥበቃው መልስ ይሰጠዋል፤ ግን ነገሩ አያልፍም። ሻይ ቤት ይወራል። ሥራ አስኪያጁን «አደሩ» ብሎ ጥበቃውን «አደርክ» ያለ ሰው፣ ያከበረው ዕድሜን እንዳልሆነ ሁሉም ያውቅበታል። ስለዚህ «አደሩ» በሉ። ሌሎቹ «ጋሼ» ወይም «አባባ» እያሉ ሲጠሯቸው ከሰማችሁ እናንተም ያንኑ ያዙ።

ኮሪደር ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ወለል እየወለወለች ይሆናል። ሰላም ብላችሁ ትንሽ ቁሙ፤ በየት በኩል እንደምታልፉ እሷ ታሳያችኋለች። እጇ እርጥብ ከሆነ የእጅ አንጓዋን ልትዘረጋላችሁ ትችላለች። ያኔ መዳፏን ፍለጋ አትሂዱ። አንጓዋን ቀለል አድርጋችሁ ያዝ አድርጉና እለፉ።

የአሻራ ማሽኑ ሰልፍ ላይ መሳሳም ይቅር። ሰዓት ሊያልፍበት ያለ ሰው ከኋላችሁ አለ። ለሰልፉ አንድ «ሰላም አደራችሁ» ይበቃዋል።

ሁለተኛ፦ ክፍሉ በር ላይ

ሰላምታ የሚጀምረው መጪው ነው። የተቀመጠው ይመልሳል። ይህ በማዕረግ አይለወጥም፤ አለቃም ቢሆን ሲገባ ቀድሞ ሰላም ማለት ያለበት እሱ ነው። ገብታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀምጣችሁ፣ ነባሮቹ ከወንበራቸው «እንዴት አደርሽ?» ካሉ ውስጡ ወቀሳ አለበት። ጥያቄውን በፈገግታ ቢሉትም አለበት።

አሠራሩ ይህ ነው። በሩን አልፋችሁ ሁለት እርምጃ ግቡና ቁሙ። ፊታችሁን ወደ ክፍሉ አድርጉ። «እንዴት አደራችሁ!» በሉ፤ ጥጉ ላይ ያለው ሰው እንዲሰማ ያህል ከፍ አድርጋችሁ። ከዚያ መልሱን ጠብቁ። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። መልሱ ሲመጣ ወደ ወንበራችሁ ሂዱ።

መቆሟ ናት ዋናዋ። ብዙ ሰው ሰላምታውን እየሄደ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ወይም ስልኩን እያየ ይጥለዋል። ሁለት ሰው ይሰማዋል፣ አምስቱ አይሰሙትም። ያልሰሙት አምስቱ ዘንድ እንግዲህ ዘግታችሁ ገብታችኋል። ድምፅም ዝቅ ሲል እንዲሁ ነው። ዓይናፋር ሰው ከንፈሩን አንቀሳቅሶ ሰላም ያለ ይመስለዋል።

ለክፍሉ ሁሉ በብዙ ቁጥር መናገሩ ሌላም ጥቅም አለው። ማንን አንተ፣ ማንን አንቱ እንደምትሉ ገና ሳታውቁ ከጣጣው ያወጣችኋል። ለአንድ ሰው ብቻ መናገር ካለባችሁና ከተጠራጠራችሁ «ጤና ይስጥልኝ» አለ። አዛውንትም ወጣትም አያስቀይምም።

ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገውን አትጥሩት። ቀና ካለ እጅ ከፍ አድርጉለት። ስልክ የያዘውንም እንደዚሁ። ብር እየቆጠረች ያለች ገንዘብ ያዥን ግን በፍጹም አትንኳት። ቁጥሩ ከጠፋባት እንደገና ከመጀመሪያ ነው፣ ምክንያቱም እናንተ ናችሁ።

አዛውንት ባለበት ክፍል አንዳንዱ ከወንበሩ ብድግ ይላል፤ «ኖር!» የሚልም አለ። «በእግዚአብሔር! ይቀመጡ» ብላችሁ ቶሎ አስቀምጧቸው። ሰው ቆሞላችሁ ቦርሳችሁን እያስተካከላችሁ መዘግየት ያስወቅሳል። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲገባ ደግሞ እናንተ ከመቀመጫችሁ ትንሽ ነቅነቅ በሉ። ሙሉ በሙሉ መቆም የግድ አይደለም።

ሦስተኛ፦ የእጁ ጉዳይ

ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። አንድ ሰው ከጨበጣችሁ ክፍሉን መጨረስ አለባችሁ። ሦስት ሰው ጨብጣችሁ አራተኛውን በአንገት ብትዘሉት፣ ለአራተኛው መልእክት ልካችኋል። እናንተ ባታስቡትም።

ስለዚህ ውሳኔው መወሰን ያለበት ክፍሉ ከመገባቱ በፊት ነው። ዛሬ መጨባበጥ አለ ወይስ የለም? እኔን ብትጠይቁኝ ለተራ ቀን የለም። ድምፅ ይበቃል። እጅ ለሰኞ፣ ከፈቃድ ለተመለሱበት ቀን፣ ለበዓል ማግስት፣ እና ለአዲስ ሠራተኛ የመጀመሪያ ቀን ይቀመጥ። ግን በየጠዋቱ ሁሉም ሁሉንም የሚጨብጥባቸው ክፍሎች አሉ። የመጀመሪያውን ሳምንት ሌሎቹ የሚያደርጉትን እዩና ያንኑ አድርጉ። የእናንተ ምርጫ ከክፍሉ ልማድ አይበልጥም።

ከጨበጣችሁ ከበሩ አጠገብ ካለው ሰው ጀምራችሁ በተርታ ዙሩ። ኃላፊው ጥግ ላይ ነው ብላችሁ ሰው ዘላችሁ መጀመሪያ ወደሱ አትሂዱ። በዕድሜ ለሚበልጥ ሰው ግራ እጃችሁን ከቀኝ ክንዳችሁ ሥር አስደግፋችሁ፣ ትንሽ ጎንበስ ብላችሁ ጨብጡ። ሁለት ሰከንድ። እጅ ይዞ ወሬ መቀጠል የቅርብ ወዳጅ ነገር ነው፤ ላልለመደው ሰው ያስጨንቃል። በተለይ ሴት ባልደረባን እጇን ይዞ «እሺ፣ ሌላስ?» ማለት ይቅር።

እጅ መዘርጋት የሚያምረው ከታላቁ ነው። ወንድና ሴት ከሆኑ ደግሞ ሴቷ ስትዘረጋ። ይህ ለምን ይጠቅማል መሰላችሁ? አንዳንድ ሙስሊም ባልደረቦች ከተቃራኒ ጾታ ጋር አይጨባበጡም። ቀድማችሁ ካልዘረጋችሁ ማንም አያፍርም። ዘርግታችሁ እሷ እጇን ደረቷ ላይ ካደረገች፣ እናንተም እጃችሁን ወደ ደረታችሁ መልሱና ዝቅ በሉ። አለቀ። ረጅም ይቅርታ፣ «አላወቅሁም እኮ»፣ ዙሪያውን እያዩ መሳቅ፣ እነዚህ ናቸው ነገሩን ከባድ የሚያደርጉት። በማግስቱ ደረት ላይ እጅ አድርጎ መጀመር ነው።

ትከሻ መግጨት የጓደኛ ነው። ከቢሮ ውጭ ሻይ ያልጠጣችሁትን ሰው ትከሻ አትግጩ። መሳሳምም እንደዚያው፤ ሌላው ጉንጩን ካቀረበ ተከተሉ፣ እናንተ ግን አትጀምሩ። የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ውስጥ አቧራና ላብ ለብሶ የመጣ ሰው በዚያ ሰዓት ፊቱን ማጋጠም ላይፈልግ ይችላል። አንገቱን ወደ ኋላ ትንሽ ከሳበ ምልክቱ ይኸው ነው።

አራተኛ፦ አንድ ጥያቄ፣ አንድ መልስ

ወንበራችሁ አጠገብ ያለው ሰው ከክፍሉ ሰላምታ በላይ ይገባዋል። አጠገባችሁ ነው ቀኑን የሚውለው። «ሰላም ነው?» ወይም የምታውቋቸው ከሆነ «ልጆች ደህና ናቸው?» በቂ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሃምዱሊላህ» ብሎ መልሶ ከጠየቃችሁ አንድ መልስ ስጡ። ካልጠየቃችሁ፣ ዓይኑ ወደ ወረቀቱ ከተመለሰ፣ እጁ ማውሱ ላይ ከሆነ ሰላምታው አልቋል። ተቀመጡ። ቅር አይበላችሁ፤ ሥራ ይዞ ነው።

ስለ ሰውነት አስተያየት ለጠዋት አይሆንም። «ወፈርሽ»፣ «ከሳህ»፣ «ምነው ጠቆርሽ?»፣ «ዓይንህ ቀልቷል፣ የት አምሽተህ ነው?»። አክስታችሁ ብትለው ፍቅር ነው። ሰባት ሰው እየሰማ ባልደረባ ሲለው ግን ሰውየው ቀኑን ሙሉ መስታወት ፍለጋ ይወጣል። «መቼ ነው የምታገቢው?» እና «ልጅ አልደረሰም?» የሚሉትም እዚሁ መዝገብ ውስጥ ናቸው። ልጅ ያልመጣላቸው ባልና ሚስት ጉዳይ በሰላምታ መሃል የሚነሳ አይደለም።

አንዳንዴ «ደህና ነህ?» ስትሉት «ምን ደህና አለ ብለህ ነው» ይላል። እዚያው «ምነው? ምን ሆንክ?» ብላችሁ ሰው ፊት አትቆፍሩት። «አይዞህ» በሉና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሻይ ሰዓት እንገናኝ?» በሉት። መናገር ከፈለገ ይመጣል።

ቁርሱን ጠረጴዛው ላይ የሚበላ ሰው ደግሞ «እንብላ» ይላችኋል። ለማንም ለገባ ይላል። «መልካም ምግብ፣ በልቻለሁ» ብላችሁ እለፉ። አጥብቆ ከያዛችሁ አንድ ጉርሻ ያህል ቆርሳችሁ ትሄዳላችሁ። እጁን ግን አትጠይቁት፤ ወጥ ነክቷል።

አምስተኛ፦ በየትኛው ቋንቋ?

አዳማ ቢሮ ውስጥ አማርኛና ኦሮምኛ አብረው ይውላሉ። ለአንድ ሰው «አከም ቡልቴ?»፣ ለታላቅ ወይም ለብዙ ሰው «አከም ቡልተን?» ማለት ብትችሉ ጥሩ ነው። «ነጋ» ብለው ይመልሱላችኋል። ቋንቋውን የምትመርጡት ግን ሰውየው በራሱ ጠረጴዛ ላይ ከሚናገረው ነው። ከስሙ ወይም ከመልኩ ተነስታችሁ አትገምቱ። ሰው በአማርኛ ሰላም ብሏችሁ በግምት ወደ ኦሮምኛ ብትዞሩበት፣ ወይም የተገላቢጦሽ፣ ግራ ይጋባል። ከሰላምታው በላይ የማትችሉ ከሆነ ደግሞ ሰውየው ሲቀጥል «እስካሁን የቻልኩት ይችን ነው» ማለት ይሻላል። ዝም ብሎ ራስ መነቅነቅ ከሩቅ ይታወቃል።

አንድ ጠዋት በተግባር

እንበልና አዲሷ ሠራተኛ ሁለተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ 2:22። ክፍሉ ውስጥ ከሷ ሌላ ሰባት ጠረጴዛ አለ። በሩ አጠገብ የመዝገብ ቤቱ አዛውንት ፋይል እየደረደሩ ነው። ቀጥሎ የሷ እኩያ የሆነች ሴት ቁርስ እየበላች። መስኮቱ ጋ ሁለት ወንዶች ቆመው ያወራሉ። ገንዘብ ያዥዋ ብር እየቆጠረች ነው። አንዱ ማዳመጫ አድርጓል። የክፍሉ ኃላፊ ከጥግ ስልክ ላይ ናቸው። በሩ ላይ ሦስት ባለጉዳዮች ቆመዋል።

ባለጉዳዮቹን ስታልፍ «እንደምን አደራችሁ፣ ይቅርታ ልለፍ» ትላለች። ሠራተኛው ሰባት ጓደኛውን እየዞረ ሲስም ባለጉዳይ ሲያይ ምን እንደሚያስብ ሁላችንም እናውቃለን፤ ሁላችንም ባለጉዳይ ሆነን ቆመናል። ሁለት እርምጃ ትገባና ትቆማለች። «እንዴት አደራችሁ!» አዛውንቱ ብድግ ሊሉ ሲሉ «በእግዚአብሔር፣ አይነሱ» ትላቸዋለች፣ ትንሽ ጎንበስ ብላ። እጃቸውን ከዘረጉ ትጨብጣቸዋለች፤ ታላቅ ዘርግቶ አይመለስም። እዚህ ላይ «እንግዲህ ሁሉንም መጨበጥ አለብኝ?» የሚል ጭንቀት ይመጣል። የለባትም። የጀመሩት አዛውንቱ ናቸው፣ ሁሉም አይቷል።

የምትበላዋ «ነይ እንብላ» ትላለች። «መልካም ምግብ፣ በልቼ ነው የመጣሁት»። የሚያወሩት ሁለቱ ቀና ብለው «ደህና አደርሽ» ብለዋል፤ ወሬያቸው መሃል ሄዳ አትቆምም። ገንዘብ ያዥዋን ትዘላታለች። ማዳመጫ ያደረገው ሲያያት እጇን ከፍ ታደርጋለች። ኃላፊው ከስልካቸው ላይ በዓይናቸው ካዩዋት ራሷን ዝቅ ታደርጋለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ሄዳ እንደገና አትጀምርም። ተቀመጠች። ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃም አልፈጀ።

የቀረችው ገንዘብ ያዥዋ ናት። ቆጥራ ስትጨርስና ብሩን ላስቲክ ስታስርበት፣ አዲሷ ከወንበሯ ሆና «ደህና አደርሽ?» ትላታለች። ይቺን የሚረሳ ብዙ ነው። ሥራ ላይ ነች ብለን እንዘላትና እዚያው እንረሳታለን፤ እሷ ግን ሁሉም ሰላም ሲባል ሰምታለች።

ወጉ የሚለወጥባቸው ቀናት

ከሆሳዕና ማግስት ሰኞ እስከ ቅዳሜ፣ በሰሞነ ሕማማት፣ ኦርቶዶክሳውያን አይሳሳሙም፣ አይጨባበጡም። ይሁዳ ጌታን በመሳም አሳልፎ የሰጠበት መታሰቢያ ነው። ያን ሳምንት እጅ አትዘርጉ። ከሌላ እምነት ብትሆኑም ከሩቅ በድምፅ ሰላም በሉ። በዓሉ አልፎ ስትመለሱ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው፤ «እንኳን አደረሰህ»፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን» እየተባለ ሁሉም ሁሉንም ይጨብጣል። ከዒድ ማግስትም እንዲሁ።

ሀዘን ደርሶበት የተመለሰ ሰው ሲገባ የለመዳችሁትን «እንዴት ነህ፣ ሰላም ነው?» በከፍተኛ ድምፅ አትወርውሩበት። ሄዳችሁ እጁን ያዙ፣ «እግዚአብሔር ያጽናህ» በሉ። እንዴት እንደሞቱ አትጠይቁ። ለቅሶ የደረሳችሁም ብትሆኑ ቢሮ ላይ አንድ ጊዜ መድገሙ አይከፋም።

ሁለተኛ ጊዜ ስትገናኙ

ጠዋት ሰላም የተባባላችሁትን ሰው 4 ሰዓት ላይ ኮሪደር ታገኙታላችሁ። ሙሉውን ሰላምታ አትድገሙት። ፈገግታ፣ ወይም «በርታ»፣ ወይም «አለህ?» ይበቃል። ሦስተኛ ጊዜ ላይ ቅንድብ ማንሳት ነው የሚቀረው። ከሩቅ ተያይታችሁ ረጅም ኮሪደር ላይ እየተቃረባችሁ ከሆነ፣ ገና ከሩቅ ፈገግ አትበሉ። ፊታችሁ ይደርቃል። ወደ አራት አምስት እርምጃ ሲቀር ቀና በሉ።

አርፍዳችሁ ከገባችሁና ስብሰባ ከተጀመረ ሰላምታ የለም። ራስ ዝቅ አድርጎ ቅርብ ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። «ይቅርታ አረፈድኩ፣ እንዴት አደራችሁ» ብሎ ሰው ማስመለስ ሁለት ጥፋት ነው። የጠዋቱ ሰላምታ ስብሰባው ሲበተን ይደርሳል።

አንድ ሰው ዘላችሁ ኖሮ «ዛሬ ዘጋሽኝ እኮ» ካለ አትከራከሩ። «ሰላም ብያለሁ፣ አልሰማህም» ማለት ሰውየውን ውሸታም ያደርገዋል። «ውይ፣ አላየሁህም! እንዴት አደርክ?» በሉና እጃችሁን ዘርጉ። የሚፈልገው ያንኑ ጠዋት ያልደረሰውን ነው። በማግስቱ ስትገቡ ለክፍሉ ሰላም ካላችሁ በኋላ ስሙን ጠርታችሁ አንድ ጊዜ ለብቻው በሉት። በሦስተኛው ቀን ወደ ተራው ሰላምታ ተመለሱ።